ሽንኩርት ሲወደድ የአንድ ሰው ምሳ ስንት ይሁን?

እኛ ስምንት ሴቶች ነን። በማኅበር ሆነን ለድግስ ምግብ እናዘጋጃለን። ባለፈው ዓመት በጥር ወር የሰበካ ጉባኤው ጠራን። በሁዳዴ ለሚደረገው ጉባኤ የ100 ሰው የጾም ምሳ አዘዘን። በሰው 120 ብር ተስማማን።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ያዝን። በእኛ ምጣድ 1 ኪሎ ጤፍ 5 እንጀራ ያወጣል። ስለዚህ 40 ኪሎ ጤፍ አስፈለገ። ኪሎው በ120 ብር 4,800 ብር ነው። ሽሮው 1,000፣ ምስሩ 1,000፣ ዘይቱም 1,000 ብር ሆነ። 10 ኪሎ ሽንኩርት በ60 ብር 600 ብር፤ በርበሬው 600 ብር። ማገዶ፣ ጨውና ወፍጮ 1,000 ብር። ድምሩ 10,000 ብር ወጣ። ለአንድ ሰው ሲካፈል 100 ብር ነው። የቀረው 20 ብር የድካማችን ነው። ለእያንዳንዳችን 250 ብር ይደርሰናል ማለት ነው።

ጉባኤው ሲቃረብ ገበያ ወጣን። ሽንኩርት 120 ብር ገብቷል! ደነገጥን። ሮጠን ሄደን፣ «በሰው 160 ብር ይሁንልን» አልን። ሊቀ መንበሩም፣ «እናቶቼ፣ ሽንኩርት እጥፍ ቢሆን ጤፉም እጥፍ ሆነ እንዴ?» አሉን። መልስ አጣን።

ቤት ገብተን ደብተር አወጣን። የጨመረውን ብቻ ጻፍን። ሽንኩርቱ 600 ብር ጨመረ። ዘይቱ 200 ብር። ጤፍ በኪሎ 10 ብር ብቻ ነው የጨመረው፤ ግን 40 ኪሎ ስለሆነ 400 ብር ሆነ። ጠቅላላ 1,200 ብር፣ በሰው 12 ብር ነው። እጥፍ የሆነው ሽንኩርት በሰው 6 ብር፣ ጥቂት የጨመረው ጤፍ ደግሞ 4 ብር አመጣ። ለካ የዋጋው ጭማሪ ብቻውን አይበቃም፤ በኪሎው ብዛት መባዛት አለበት።

132 ብር ብለን ተመለስን። ነገር ግን ውላችን ስለ ጭማሪ ምንም አይልም ነበር። 120 ብሩ ጸና። ለእያንዳንዳችን 100 ብር ብቻ ደረሰን። ለልጆች ደብተር መግዣ ያሰብነው ሳይሆን ቀረ።

ዘንድሮ ያው ትእዛዝ መጣ። የድሮው ዋጋ ተመልሶ ስለነበር እንደገና በ120 ብር ተስማማን። ውሉን ግን በሁለት ነገር ለወጥነው። አንደኛ፣ 8,000 ብር ቀብድ ተቀበልን። በዚያው ሳምንት ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ገዛን። እነዚህ ይቆያሉ። ጤፉን ግን ሳናስፈጭ አስቀመጥነው። ሁለተኛ፣ ሽንኩርት ቀድሞ ቢገዛ ይበቅላል፣ ይበሰብሳልም። ስለዚህ፣ «ሽንኩርት በኪሎ ከ60 ብር ካለፈ ልዩነቱን አዛዡ ይከፍላል፤ ከቀነሰም ለአዛዡ ይታሰባል» ብለን ጻፍን።

በገበያው ቀን ሽንኩርት 90 ብር ነበር። ልዩነቱ በ10 ኪሎ 300 ብር ነው። ውሉን አሳየን። ሊቀ መንበሩ አነበቡ፤ ያለ ክርክርም ከፈሉን። የድካማችን 250 ብርም በእጃችን ገባ።