ከ«እንዴት ናችሁ» እስከ «እንዲታይልኝ»

አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያዝያ የውሃ ቢሏ ከወትሮው ሰባት እጥፍ ሆኖ መጣባት እንበል። ተናደደች፤ ወረቀት አወጣችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የዚህ ወር ቢል ጉድ ነው የሆነብኝ። ሁልጊዜ አስር ኪዩብ ምናምን ነው የምጠቀመው፤ አሁን 73 ብላችሁ ላካችሁብኝ። እኛ እኮ ሦስት ሰው ብቻ ነን! አንባቢያችሁ በደንብ ያየው አይመስለኝም። እባካችሁ ቶሎ አስተካክሉልኝ፤ ካልሆነ አልከፍልም።»

ደብዳቤው እውነት ነው፤ ለመረዳትም አያስቸግርም። ችግሩ ለጎረቤት የሚነገር እንጂ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲረዳ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፤ ወይ ራሱ አሳምሮ ይጽፋል፣ ወይ ራፖር ጻፊ ዘንድ ይሄድና ይህን ይዞ ይመለሳል፦

«ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በአመልካቿ ስም ተመዝግቦ በሚገኘው ቆጣሪ ላይ የተከናወነው የንባብ ተግባር ከእውነታው ጋር የማይጣጣም ሆኖ በመገኘቱ ከፍተኛ የክፍያ ጫና የደረሰብኝ በመሆኑ፣ የተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ አስፈላጊውን ትብብር ያደርግልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።»

ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው እላለሁ። በመጀመሪያው ቢያንስ 73 የሚለው ቁጥር ነበረ። እዚህ ቁጥሩ ጠፍቷል፣ ወሩ ጠፍቷል፣ የተጠየቀው ነገርም ጠፍቷል። «አስፈላጊው ትብብር» ምንድን ነው? ደብዳቤው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ኃላፊው አንብቦ ዳር ላይ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ለማን እንደሚመራው የሚያውቀው ግን ምን እንደተጠየቀ ካወቀ ነው። ጥያቄው ካልታወቀ ደብዳቤው ከክፍል ክፍል ሲዞር ይከርማል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዳይደርቅ አድርገን ከፍ እናድርገው። ሥራው ከሚገመተው በላይ ትንሽ ነው፤ ዋናው ግሱ ላይ ነው።

«73 ብላችሁ ላካችሁብኝ» የሚለውን እንመልከት። «ላካችሁ» አንባቢውን ፊት ለፊት ይከስሰዋል፤ «ብኝ» ደግሞ በደሉን ያሸክመዋል። ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው ቆጣሪውን ያነበበው ሰው አይደለም፤ ገና ሳይረዳው ተከላካይ ይሆናል። «73 ሜትር ኩብ ተብሎ ተመዝግቧል» ስንል ግን አድራጊው ይቀርና ስህተቱ ብቻ ይታያል። ልመናውም እንደዚሁ ነው። «አስተካክሉልኝ» ትእዛዝ ነው፤ «እባካችሁ» ቢቀድመውም ትእዛዝነቱ አይለቀውም። «እንዲስተካከልልኝ» ሲባል ግን ጥያቄ ይሆናል። አማርኛ አክብሮትን በዚህች ትንሽ የግስ ለውጥ ስለሚሸከም የተከበረ፣ የከበረ፣ ታላቅ የሚሉ ቅጽሎችን መደርደር አያስፈልግም። «በትሕትና» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ቢገባ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ማቆም ያስፈልጋል። ደብዳቤን የሚያደርቀው ይህ ለውጥ ከልክ ሲያልፍ ነው። «ከፍያለሁ» ማለት ስንችል «ክፍያ የመፈጸም ተግባር አከናውኛለሁ» ካልን ግሱን ወደ ስም ለውጠን ሌላ ባዶ ግስ ደገፍንለት ማለት ነው። በተደራጊ መነገር ያለበት የመሥሪያ ቤቱ ሥራና የእኛ ልመና ብቻ ነው። እኛ ራሳችን ያየነውንና ያደረግነውን ግን በራሳችን አንደበት «አየሁ፣ ከፈልኩ፣ ይመስለኛል» ብለን ልንጽፈው ይገባል። አንባቢው ከወረቀቱ ጀርባ ሰው እንዳለ የሚሰማው በእነዚህ ግሶች ነው። «ቢል» የሚለውም ቃል ይቆይ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚለው ነውና በሌላ ከባድ ስም መተካቱ አንባቢውን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም። መውጣት ያለባቸው «ምናምን»፣ «እኮ»፣ «ጉድ» እና ቃለ አጋኖው ናቸው።

ስሜቱስ የት ይሂድ? እያንዳንዱ የንዴት ቃል ሥር አንድ ማስረጃ አለ፤ እሱን ማውጣት ነው። «ሁልጊዜ» የሚለው ያለፉት ሦስት ወራት ቁጥር ይሆናል። «ሦስት ሰው ብቻ ነን» የሚለው ቃለ አጋኖው ወጥቶ እንዳለ ይቀመጣል። «አልከፍልም» የሚለው ማስፈራሪያ ደግሞ ሊፈቀድ የሚችል ጥያቄ ይሆናል። «በደንብ ያየው አይመስለኝም» የሚለው ጥርጣሬ ሴትዮዋን ወደ ቆጣሪው ይወስዳታል። ሄዳ ብታይ ቆጣሪው 1421 ይላል፤ ቢሉ ላይ ግን 1481 ተጽፏል። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም። ስለዚህ ከዛሬው የሚበልጥ ቁጥር ባለፈው ወር ሊነበብ አይችልም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው 1418 የነበረው 1481 ሆኗል ማለት ነው። ከማንኛውም የአክብሮት ቃል በላይ ጉዳዩን የሚያስኬደው ይህ ነው።

ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ከሥሩ በግራ «ለ» ተብሎ የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ስም፣ ቀጥሎም «አዲስ አበባ» ይጻፋል። ከዚያ በኋላ፦

«ጉዳዩ፦ የሚያዝያ ወር የውሃ ቆጣሪ ንባብ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ቢሌ ላይ የቀድሞው ንባብ 1408፣ የአሁኑ ንባብ 1481፣ ፍጆታው 73 ሜትር ኩብ ተብሎ ተመዝግቧል። በቤቱ የምንኖረው ሦስት ሰዎች ስንሆን፣ ባለፉት ሦስት ወራት የተጠቀምነው 9፣ 11 እና 10 ሜትር ኩብ ነበር።

ግንቦት 10 ቀን ቆጣሪውን ስመለከት 1421 ያሳያል። ይህ ቢሉ ላይ ከተመዘገበው ያነሰ በመሆኑ፣ 1418 የነበረው ንባብ 1481 ተብሎ የተጻፈ ይመስለኛል።

ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ ቆጣሪው እንዲታይልኝና ቢሉ እንዲታረምልኝ፣ እስከዚያውም ባለፉት ወራት አማካይ ፍጆታ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የቢሉን ቅጂና የቆጣሪውን ፎቶ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከግርጌ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ የውል ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥርና ስልክ ይሰፍራሉ። «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» የሚለው ልማደኛ መክፈቻ አለመኖሩን ልብ ይሏል። ቢኖር ነውር አይደለም፤ ግን ርዕሱ ላይ የተባለውን ከመድገም በቀር ሥራ የለውም። «ስለዚህ» የምትለውም ቃል አንድ ጊዜ ብቻ መጥታለች፤ ኃላፊው ቸኩሎ ቢያነብ እንኳ ዓይኑ ጥያቄው ላይ እንዲያርፍ። «በመሆኑም»ና «ስለሆነም» በየአንቀጹ ሲደጋገሙ ይህ ምልክትነታቸው ይጠፋል።

ድርቀቱን ለመለየት ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሲደረስ መነሻው ከተረሳ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተጣብቀዋል። መለያየት ነው እንጂ ቃል መቀየር አያድነውም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ ሌላው ቀንና የገቢ ቁጥር ተጽፎበት በእጅ ይቅር። መልስ ከዘገየ ሁለተኛው ደብዳቤ ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ የለበትም። «ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ያቀረብኩት ማመልከቻ የደረሰበት ደረጃ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርና የገቢ ቁጥሩ ይበቁታል።