«ውብ» የሚለው ቃል ምስል አይሠራም

አንድ ሰው ለቡና ቤቱ ማስታወቂያ የሚሆን ምስል ፈልጎ፣ ምስል ለሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ «እጅግ ውብና አስደናቂ የኢትዮጵያ ቡና አፈላል» የሚል ትእዛዝ ጻፈ እንበል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ምስል ተመሳሳይ ነው፤ ፊቷ እንከን የማይወጣለት ፈገግተኛ ወጣት፣ ወርቃማ ብርሃን፣ የደበዘዘ ዳራ። ምስሉ አስቀያሚ አይደለም፤ ነገር ግን የየትኛውም ቡና ቤት ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ማሽኑ የተማረበት መንገድ ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች የሠለጠኑት ከነመግለጫቸው በተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ምስሎች ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ላዮን-5ቢ የተባለው ስብስብ ብቻ 5.85 ቢሊዮን ያህል የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች ነበሩት። «ስኒ» ከሚል መግለጫ ጋር የሚመጡት ምስሎች አንድ የሚያገናኛቸው ቅርጽ አላቸው። «ውብ» የሚለው ቃል ግን ከሙሽራም፣ ከጀምበር መጥለቂያም፣ ከመኪናም፣ ከድመትም ጋር ተጽፏል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ቃሉ ምስሉን የሚገፋው ሰዎች አዘውትረው «ውብ» ወደሚሏቸው ነገሮች ነው፤ ወደ ለስላሳ ፊት፣ ወደ ደማቅ ቀለም፣ ወደ ማምሻ ብርሃን። በዚያ ላይ እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ያሉ ሞዴሎች ሥልጠናቸው ሲጠናቀቅ በውበት መመዘኛ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ምስሎች ተመርጠውላቸዋል። ማማሩን ሳይነገራቸውም ያውቁታል፤ የማያውቁት እርስዎ በልብዎ የያዙትን ምስል ነው።

መፍትሔው ቅጽሉን ሰርዞ «ውበቱ ከምን መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች በአንዱ ይገኛል፤ ከብርሃኑ፣ ዕቃው ከተሠራበት ነገር፣ ካሜራው ከቆመበት ቦታና ከቀለሙ።

ወደ ቡናው እንመለስ። የጠዋት ቡናን ለዓይን የሚያስደስተው ከስኒው የሚወጣው እንፋሎት ነው ብለን እንነሣ። እንፋሎት በፎቶ ላይ ጎልቶ የሚታየው ብርሃኑ ከጎኑ ወይም ከኋላው ሲመጣና ከበስተጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ከመጣ ይጠፋል። ስለዚህ «አስደናቂ ብርሃን» በሚለው ፈንታ «ከግራ በኩል ካለች ትንሽ መስኮት የሚገባ የጠዋት ብርሃን፣ ከኋላ ጥቁር ቡናማ የጭቃ ግድግዳ» እንላለን። ይኸው የጎን ብርሃን የጥቁሩን ጀበና ጠርዝ ስለሚያወጣው ጀበናው ከግድግዳው ጋር አይዋሐድም።

ጀበናው ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሙን ብቻ ብንጽፍ ማሽኑ የብረት ማንቆርቆሪያ ወይም የሻይ ማፍሊያ ሊያመጣ ይችላል፤ በሥልጠናው ውስጥ ጀበና ከእነዚህ አንጻር ጥቂት ነውና። ስለዚህ ቅርጹን እንጨምራለን፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን፣ እጀታ ያለው፣ ጥቁር ሸክላ። ትእዛዙ በመጨረሻ ይህን ይመስላል፦

«ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነ ጥቁር የሸክላ ጀበና፤ እጀታ የሌላቸው ትንንሽ ነጭ ስኒዎች በዝቅተኛ የእንጨት ረከቦት ላይ፤ ከአንዱ ስኒ የሚወጣ እንፋሎት፤ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘ አረንጓዴ ቄጠማ፤ ከግራ መስኮት የሚገባ የጠዋት ብርሃን፤ ጥቁር ቡናማ የጭቃ ግድግዳ፤ ካሜራው በስኒዎቹ ቁመት፣ ቀረብ ብሎ።»

በዚህ ውስጥ አንድም የአድናቆት ቃል የለም፤ እያንዳንዱ ሐረግ ግን በምስሉ ላይ ጣት የሚጠቆምበት ነገር አለው።

አንድ ቃል ሥራ መሥራት አለመሥራቱን መፈተንም ይቻላል። ብዙ መተግበሪያዎች «ሲድ» የሚባል መነሻ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን ሳይቀይሩ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተው፣ ቃሉን አንዴ አስገብተው አንዴ አውጥተው ሁለቱን ምስሎች ያስተያዩ። ለውጥ ካላዩ ቃሉ ትርፍ ነው። የተለወጠው የፊት ልስላሴና የቀለም ድምቀት ብቻ ከሆነ ደግሞ ያልፈለጉትን እያመጣ ነው።

ዝርዝር ማብዛትም ጉዳት አለው። የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊውዥን ስሪቶች በአንድ ጊዜ የሚያነቡት 77 የቃል ቁራጮችን ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ ያለፈው ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ገደቡ ቢሰፋም፣ ሃያ ዕቃ የተደረደረበት ትእዛዝ አንዳንዱን ማስዘለሉ አይቀርም። ስለዚህ ዋናውን ነገር ያስቀድሙ። «ሰው የሌለበት» ማለትም አንዳንዴ ሰውን ይጠራል፤ ከዚያ ይልቅ በቦታው የሚታየውን ይጻፉ።

ቀጣዩን ትእዛዝዎን ከመላክዎ በፊት አንድ ጊዜ ያንብቡት። «ውብ»፣ «አስደናቂ»፣ «ማራኪ» የሚል ካገኙ ይሰርዙትና በቦታው ያንን ስሜት የፈጠረብዎትን የሚታይ ነገር ይጻፉ።