እያደገ ሦስት የማይደርሰው ቁጥር

አንድ ብር በመቶ 100 ዓመታዊ ወለድ ቢቀመጥ፣ ወለዱም በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታሰብ 2 ብር ይሆናል። ዓመቱ ለሁለት ተከፍሎ በየስድስት ወሩ 50 በመቶ ቢታሰብና የመጀመሪያው ወለድ ራሱ ወለድ እንዲወልድ ቢደረግ 2 ብር ከ25 ሳንቲም ይደርሳል። ወለዱ በየወሩ ሲታሰብ 2.613፣ በየቀኑ ሲታሰብ 2.7146፣ በየሰዓቱ ሲታሰብ ደግሞ 2.7181 ገደማ ይሆናል። ዓመቱ በ n እኩል ክፍሎች ሲከፈል በመጨረሻ የሚገኘው ገንዘብ (1 + 1/n)^n ነው። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ያኮብ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1690 ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ወለዱ በየቅጽበቱ ቢታሰብ ገንዘቡ የት ይደርሳል? መልሱ ከሁለት ተኩል በላይ፣ ከሦስት በታች መሆኑንም አሳየ።

ቀመሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከሁለት የተሳሳቱ መልሶች ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ n እየገዘፈ ሲሄድ 1/n ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በቅንፉ ውስጥ የሚቀረው 1 ብቻ ነው፤ 1 ደግሞ የፈለገውን ያህል ጊዜ በራሱ ቢባዛ ያው 1 ነው። ሁለተኛው በተቃራኒው፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ብዙ ጊዜ በራሱ ሲባዛ ያለገደብ ስለሚያድግ ውጤቱ ማለቂያ የለውም ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ቀመሩን ከፍለው ስለሚያዩት ነው። በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር የሚያንሰውና የብዜቱ ጊዜ የሚበዛው በአንድ ላይ ነው። አንዱ የሌላውን ምን ያህል እንደሚያካክስ ደግሞ በግምት አይታወቅም።

የአሃዞቹን አካሄድ ማየትም ብቻውን አይበቃም። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እየተባለ የሚቀጥለው ድምር እያንዳንዱ ጭማሪ ካለፈው ያነሰ ስለሆነ የሚቆም ይመስላል፤ ነገር ግን አይቆምም፣ የተባለውን ቁጥር ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ (1 + 1/n)^n ወደ አንድ ቁጥር መጠጋቱን ለማረጋገጥ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ተርታው ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው ደግሞ የማያልፈው ጣሪያ እንዳለው ነው። ሁለቱ ከተገኙ ሊሚት መኖሩ አይቀርም። ብዙ መጻሕፍት እድገቱንም ጣሪያውንም የሚያሳዩት ቅንፉን ወደ ረጅም ድምር በመዘርዘር ነው። እሱም ትክክል ነው፤ ሆኖም ሁለቱንም በአንድ ቀላል መሣሪያ የሚጨርስ አጭር መንገድ አለ።

መሣሪያው ስለ አማካይ የሚናገር ሕግ ነው። የአዎንታዊ ቁጥሮች ድምር ካልተለወጠ ብዜታቸው ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥሮቹ እኩል ሲሆኑ ነው። 2 እና 8 ተደምረው 10፣ ተባዝተው 16 ይሆናሉ፤ በምትካቸው አማካያቸው 5 ሁለት ጊዜ ቢወሰድ ድምሩ ያው 10 ነው፣ ብዜቱ ግን 25 ይሆናል። ቁጥሮቹ ከሁለት ቢበልጡም ሕጉ ይሠራል። አማካዩ A ይሁን። ሁሉም እኩል ካልሆኑ ከ A የሚያንስ አንድ ቁጥር x፣ ከ A የሚበልጥም አንድ ቁጥር y ይኖራል። x በ A ይተካ፤ ድምሩ እንዳይናጋ y ደግሞ በ x + y − A ይተካ። የአዲሶቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ከአሮጌዎቹ ብዜት የሚበልጠው በ (A − x)(y − A) ነው፤ ይህም አዎንታዊ ነው። እንዲህ እየተደረገ በእያንዳንዱ እርምጃ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ከ A ጋር ይስተካከላል፤ ብዜቱ ደግሞ በየእርምጃው ያድጋል። ሁሉም A ሲሆኑ ሥራው ያበቃል። እንግዲህ k ያህል እኩል ያልሆኑ ቁጥሮች ብዜት ምንጊዜም ከ A^k ያንሳል።

አሁን ወደ ተርታው መመለስ ይቻላል። በመጀመሪያ እድገቱ በአንድ ምሳሌ ይታይ። n = 2 ሲሆን ብዜቱ 3/2 × 3/2 ነው። በዚህ ላይ 1 እንደ ሦስተኛ ቁጥር ይጨመር፤ በ1 ማባዛት ውጤቱን አይለውጥም፣ የቁጥሮቹን ብዛት ግን ከሁለት ወደ ሦስት ያደርሳል። የ1፣ የ3/2 እና የ3/2 ድምር 4 ነው፤ አማካያቸውም 4/3። በሕጉ መሠረት ብዜታቸው 9/4 ከ (4/3)^3 ማነስ አለበት። በእርግጥም 9/4 ማለት 2.25 ሲሆን (4/3)^3 ደግሞ 64/27፣ ማለትም 2.370 ገደማ ነው። 4/3 ደግሞ 1 + 1/3 ስለሆነ፣ ይህ ሁለተኛው አባል ከሦስተኛው እንደሚያንስ ያሳያል።

ለማንኛውም n የሚደረገው ያው ነው። 1 + 1/n የሚለው ቁጥር n ጊዜ ይወሰድና 1 ይታከልበታል። ቁጥሮቹ n + 1 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ n ቁጥሮች ድምር n + 1 ነው፤ ከታከለው 1 ጋር n + 2 ይሆናል። ይህ ለ n + 1 ሲካፈል አማካዩ 1 + 1/(n + 1) ይወጣል። ስለዚህ፦

(1 + 1/n)^n < (1 + 1/(n+1))^(n+1)

በግራ ያለው የተርታው n-ኛ አባል ነው፣ በቀኝ ያለው ደግሞ ተከታዩ። ተርታው ከ2 ተነስቶ አንድም ጊዜ ሳይቆምና ሳይመለስ ያድጋል። የታከለችው 1 ምንም የማትሠራ ትመስላለች፤ የማረጋገጫው ብልሃት በሙሉ ግን እሷ ላይ ነው ያለው።

ጣሪያውም በዚሁ መንገድ ይገኛል። ልዩነቱ አሁን የሚታከለው ከ1 የሚያንስ ቁጥር መሆኑ ነው። 1 + 1/n ከሚለው n ጊዜ ጋር 1/2 ሁለት ጊዜ ይታከል። ቁጥሮቹ n + 2 ይሆናሉ፤ ድምራቸውም n + 1 ሲደመር 1፣ ማለትም n + 2። አማካዩ በትክክል 1 ነው። ስለዚህ ብዜቱ ከ1 ያንሳል፤ ብዜቱ ደግሞ (1 + 1/n)^n ሲካፈል ለ4 ነው። እናም የተርታው አባል ሁሉ ከ4 በታች ነው።

ለማረጋገጫው 4 ይበቃል፤ ከዚህ ወርዶ የበርኑሊን 3 ማግኘት ቢፈለግ ግን በ1/2 ምትክ 5/6 ስድስት ጊዜ ይታከላል። የስድስቱ ድምር 5 ነው፤ ከ n + 1 ጋር n + 6 ይሆናል። የቁጥሮቹም ብዛት n + 6 ስለሆነ አማካዩ አሁንም 1 ነው። በመሆኑም ማንኛውም አባል ከ (6/5)^6 ያንሳል፤ ይህም 2.985984 ነው። በጠቅላላው m/(m+1) የሚለው ቁጥር m + 1 ጊዜ ቢታከል (1 + 1/m)^(m+1) ጣሪያ ይሆናል፤ m እየጨመረ ሲሄድ ጣሪያው ዝቅ እያለ ወደ ተርታው ይጠጋል።

የቀረው ከእድገትና ከጣሪያ ወደ ሊሚት የሚያሻግረው እርምጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈውም ይኸው ነው። ተርታው ብዙ ጣሪያዎች አሉት፤ 4 አንዱ ነው፣ 3 ሌላው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ዝቅተኛው L ይባል። ከ L ጥቂት የሚያንስ ማንኛውም ቁጥር፣ ለምሳሌ L − 0.001፣ ከእንግዲህ ጣሪያ ሊሆን አይችልም፤ ካልሆነማ L ዝቅተኛው አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ የሚያልፈው አንድ የተርታው አባል ይኖራል። ተርታው ወደ ኋላ ስለማይመለስ ከዚያ አባል በኋላ ያሉት ሁሉ በ L − 0.001 እና በ L መካከል ይቀራሉ። በ0.001 ፈንታ አንድ ቢሊዮንኛም ቢወሰድ ነገሩ አይለወጥም። ተርታው ወደ L ይጠጋል ሲባል ትርጉሙ ይህ ነው።

ዝቅተኛው ጣሪያ መኖሩ ግን በነጻ የተገኘ አይደለም። ጣሪያ ያለው የቁጥሮች ስብስብ ሁሉ ዝቅተኛ ጣሪያ እንዳለው የሚያረጋግጠው የውን ቁጥሮች ባሕርይ ነው። በሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ከሚጻፉ ቁጥሮች ሌላ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ማረጋገጫው እዚህ ላይ ይወድቅ ነበር። የተርታው አባላት 2፣ 9/4፣ 64/27፣ 625/256 እያሉ ሁሉም ክፍልፋዮች ናቸው፤ የሚጠጉበት ቁጥር ግን ክፍልፋይ አለመሆኑን ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1737 አረጋግጧል። ቁጥሩ ዛሬ የሚጠራበትን e የሚለውን ፊደል የሰጠውም እሱ ነው፤ በ1748 ባሳተመው መጽሐፉም እስከ 23 አሃዝ ድረስ ከነጥብ በኋላ ጽፎታል። መጀመሪያው 2.718281828 ነው።

ማረጋገጫው ቁጥሩ መኖሩን ይናገራል እንጂ ዋጋውን በቀጥታ አይሰጥም፤ ከላይና ከታች ግን ያጥረዋል። n = 100 ሲወሰድ የተርታው አባል 2.7048፣ ከላይ የተገኘው ጣሪያ ደግሞ 2.7319 ስለሆነ e በመካከላቸው ነው። አጥሩ ሰፊ ነው። ተርታው ወደ e የሚጠጋው በዝግታ ነውና፤ የሚጎድለው ወደ e/(2n) ገደማ ነው። አንድ ተጨማሪ ትክክለኛ አሃዝ ለማግኘት n በአሥር እጥፍ መጨመር አለበት።

n ን ዝም ብሎ ማግዘፍ ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ያልታሰበ ነገር ያመጣል። በፓይተን እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ፦

```
for n in (10**6, 10**15, 10**16):
    print((1 + 1/n)**n)
```

የመጀመሪያው መልስ 2.71828 አካባቢ ነው፤ ሁለተኛው 3.035 ገደማ፣ ሦስተኛው ደግሞ 1.0 ይሆናል። ኮምፒውተሩ አንድን ቁጥር የሚይዘው በ16 አሃዝ ገደማ ብቻ ስለሆነ 1 + 1/n ሲሰላ ትንሿ ጭማሪ ትዛባለች ወይም ጨርሳ ትጠፋለች። ስህተቱን ለማወቅ ትክክለኛውን e አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም። የተርታው የመጀመሪያ አባል 2 ነው፣ ተርታውም አይወርድም፤ ስለዚህ 1.0 ሐሰት ነው። ሁሉም አባላት ከ2.985984 በታች ናቸው፤ ስለዚህ 3.035ም ሐሰት ነው።