በይደር የተያዙ ጉዳዮች በቃለ ጉባኤ ውስጥ

የእድር ወይም የማኅበር ኮሚቴ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው አጀንዳ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ካለፈው ቃለ ጉባኤ የተነሱ ጉዳዮች» ይባላል። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ስለሚቀመጡ ይምታታሉ እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የሚጠየቀው ጽሑፉ የተባለውን በትክክል መያዙ ነው፤ በሁለተኛው የሚጠየቀው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተሠራ ነው። ሰብሳቢው ይህን ካልለየ፣ ባለፈው ወር የተወሰነ ነገር «እኔ እኮ አልተስማማሁም ነበር» በሚል እንደ አዲስ ይከፈታል፤ የዕለቱ ዋና አጀንዳም ሳይነካ ይመሻል።

ከባዱ ሥራ የጸሐፊው ነው። ያልተቋጨውን ጉዳይ ወደ አዲሱ ቃለ ጉባኤ ማሻገር አለበት፤ ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት የድሮውን ውሳኔ እንደገና በመጻፍ ነው። ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። አንድ የሰፈር እድር ድንኳኑ ተቀዶበት በጥቅምት ስብሰባው እንዲህ ወሰነ እንበል፦ «ንብረት ክፍሉ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ለኅዳር ስብሰባ እንዲያቀርብ።» የኅዳሩ ጸሐፊ ጉዳዩን በራሱ አባባል ደገመው፦ «ድንኳን ለመግዛት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ በተወሰነው መሠረት በሂደት ላይ ነው።» የታኅሣሡም ከኅዳሩ ቀዳ፦ «ድንኳን እንዲገዛ በተወሰነው መሠረት።» በሁለት ወር ውስጥ «ከሦስት ነጋዴዎች» የሚለው ቀረ፤ ዋጋ እንዲጠየቅ የተወሰነውም እንዲገዛ እንደተወሰነ ተቆጠረ። ማንም አልዋሸም። ኦዲተሩ መጥቶ ግዥው በማን ውሳኔ እንደተፈጸመ ሲጠይቅ ግን ሦስቱም ቃለ ጉባኤዎች ተፈርመዋል፣ ሦስቱም የሚሉት የተለያየ ነው።

ስለዚህ ውሳኔ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወደ ውሳኔው የሚያመለክት ቁጥርና አዲስ የሆነው ነገር ነው። የኅዳሩ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«የድንኳን ጉዳይ (ቃ/ጉ ቁ. 2/2017፣ ተ.ቁ. 4)፦ ሁለት ፕሮፎርማ ቀርቧል። ሦስተኛውን የንብረት ክፍል ኃላፊው እስከ ታኅሣሥ 5 እንዲያመጣ። በይደር ተይዟል።»

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ጉዳዩ ተጠርቷል፣ ምንጩ ተጠቁሟል፣ ለውጡ ተነግሯል፣ ሰውና ቀን ተቆርጧል። ታኅሣሥ ላይም ጠቋሚው ያው 2/2017 ነው፤ የኅዳሩ ቁጥር አይደለም። ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ ስብሰባ ብቻ የሚጠቁም ጸሐፊ አንባቢውን ከመዝገብ ወደ መዝገብ ያንከራትተዋል፤ መካከል ላይ አንዱ መዝገብ ከጠፋም መንገዱ ይዘጋል። ወደ መነሻው ከተጠቆመ ግን ኅዳር ላይ ያልነበረ አባል አንድ ገጽ ገልጦ ውሳኔውን በራሱ ቃል ያገኘዋል።

ታኅሣሥ ላይ ሦስተኛው ፕሮፎርማ ሲመጣ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። ከየትኛው ነጋዴ ይገዛ፣ ስንት ብር ይውጣ የሚለው አዲስ ውሳኔ ስለሚፈልግ በዚህ ክፍል ውስጥ አይወሰንም። እዚህ የሚጻፈው «ፕሮፎርማው ተሟልቷል፤ ግዥው በአጀንዳ 3 ይታያል፤ ተዘግቷል» የሚል ብቻ ነው። ክርክሩም ውሳኔውም አጀንዳ 3 ላይ ሙሉ ሆኖ ይሰፍራል። ገንዘብ የሚያስወጣ ውሳኔ በይደር ጉዳይ ሥር ተሸጉጦ ሲያልፍ ካየሁ እኔ አልፈርምም፤ አጀንዳውን አስቀድሞ ያነበበ አባል ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ የለማ።

ጉዳይ የሚጠፋበት ሌላም መንገድ አለ። ጥቅምት ላይ «ከሁለት ወር በኋላ ይታይ» የተባለ ነገር ኅዳር ላይ የሚነሳበት ምክንያት ስለሌለ በኅዳሩ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም። የታኅሣሡ ጸሐፊ ደግሞ የሚያነበው የኅዳሩን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ሳይወሰንበት ተረስቶ ይቀራል። መፍትሔው ከመዝገቡ ጀርባ ያልተዘጉ ጉዳዮችን በመነሻ ቁጥራቸው የሚይዝ ሰንጠረዥ ማስመርና አጀንዳ ሲዘጋጅ ከእሱ መነሳት ነው። ከሰንጠረዡ የሚሰረዘው የተፈጸመ ወይም እንዲቀር በግልጽ የተወሰነ ጉዳይ ብቻ ነው።

አንድ ጉዳይ እየታመመ መሆኑ ከቃለ ጉባኤው ይታወቃል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ «በሂደት ላይ ነው» ተብሎ ከተጻፈና የሰው ስም ከሌለው፣ ማንም አልያዘውም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰብሳቢው «የት ደረሰ?» ማለቱን ትቶ «ማን ይያዘው፣ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቅ። እንዲቀር ከተወሰነም «በስምምነት ተዘግቷል» ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ አለዚያ በቀጣዩ ዓመት የሚመረጠው ኮሚቴ የተተወውን ጉዳይ ከተረሳው መለየት አይችልም።