አቅራቢው ውሉን ቢያፈርስ ምን ትጠይቃላችሁ? እህሉን፣ ገንዘቡን ወይስ መለያየት?

ገሱባ ላይ ወፍጮ ቤት አላችሁ እንበል። ከሶዶ ነጋዴ 50 ኩንታል በቆሎ፣ ኩንታሉን በ3,000 ብር፣ ለመውሰድ ተዋዋላችሁ። ቀኑ ሲደርስ የመጣው 20 ብቻ ነው። ገበያው ደግሞ 3,600 ገብቷል (ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው)። ለትምህርት ቤት ዱቄት ለማቅረብ ቃል ገብታችኋል። አሁንስ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1771 ሁለት መንገድ ይከፍታል፦ ውሉ እንዲፈጸም መጠየቅ ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ። ካሳ፣ በሕጉ አነጋገር ኪሣራ፣ ከሁለቱም ጋር ሊጠየቅ ይችላል። በቅድሚያ ግን በመርህ ደረጃ ማስጠንቀቂያ መስጠትና ተገቢ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ ኋላ ማስረጃ ይሆናችኋል።

«በግድ ያምጣልኝ» ማለት ቀላል ይመስላል። አንቀጽ 1776 ግን ዳኛው በግድ እንዲፈጸም የሚያዘው ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረው ነው ይላል። በቆሎ ደግሞ ከሌላ ነጋዴም ይገዛል። ክርክሩ እስኪያልቅ ተማሪዎቹ ዱቄት አያገኙም። የታዘዘው ነገር ከዚያ ሰው በቀር ማንም ጋ የማይገኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር።

ስለዚህ ለቀሩት 30 ኩንታሎች ውሉን መሰረዝ ይሻላል። ስረዛ ከዋጋ ግዴታ ነጻ ያወጣችኋል፤ ላልመጣው እህል ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነም ይመለሳል። የመጡትን 20 ግን ፈጭታችኋልና ዋጋቸውን ትከፍላላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፍርድ ቤት ውል የሚሰርዘው ጥሰቱ መሠረታዊ ሲሆን ነው። ከ50 ውስጥ አንድ ኩንታል ብቻ ቢጎድል ኖሮ ስረዛ ማግኘት ይከብዳል።

ቀጥሎ ከሌላ ነጋዴ 30 ኩንታል በ3,600 ገዛችሁ። ልዩነቱ 600 ብር ነው፤ በ30 ሲባዛ 18,000 ብር። ይኸው ካሳችሁ ነው። ገበያው 2,800 ቢሆን ኖሮስ? በዋጋ በኩል ኪሳራ የለባችሁም፤ ይህ ካሳ አይኖርም። ካሳ ቅጣት አይደለም፣ የጎደለውን መሙያ ነው።

ሁለት ወር ዝም ብላችሁ ጠብቃችሁ ዋጋው 4,500 ቢገባስ? ሕጉ ተጎጂው ጉዳቱን እንዲቀንስ ይጠብቅበታል፤ በመዘግየታችሁ የመጣውን ጭማሪ ከነጋዴው ማግኘታችሁ ያጠራጥራል።

ትምህርት ቤቱ በመዘግየታችሁ ቢቀጣችሁስ? መነሻው፣ አንቀጽ 1799 እንደሚለው፣ እንዲህ ያለ ጥሰት በተለምዶ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። ቅጣቱን ለማስከፈል ስትዋዋሉ ነጋዴው ስለ ትምህርት ቤቱ ውል ማወቁ ይጠቅማችኋል። «ይህ ዱቄት ለተማሪዎች ነው፣ ከዘገየ እንቀጣለን» የምትል አንዲት መስመር ውላችሁ ውስጥ ብትገባ፣ በኋላ ብዙ ክርክር ታቀልላለች።