ከፎቶው የተለየ ዕቃ ሲመጣ ለሻጩ የሚጻፍ ደብዳቤ

አንዲት ገዢ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ምንጣፍ አየች እንበል። ከፎቶው ሥር «2 በ 3 ሜትር፣ ወፍራም፣ 14,500 ብር» ይላል። ገንዘቡን በቴሌብር ላከች፤ አመሻሽ ላይ ሞተረኛው አመጣላት። ሳሎን ውስጥ ብትዘረጋው ሶፋው ሥር አልደርስ አለ። ስትለካው 1.60 በ 2.30 ሜትር ሆነ። ፎቶው ላይ በሁለቱም ጫፍ የሚታየው ዘርፍ የለም፤ ቀለሙም ከፎቶው ደመቅ ብሏል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጽፈው «አጭበረበራችሁኝ፣ ያሳያችሁኝ ይሄን አይደለም» የሚል መልእክት ነው። ንዴቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ «ፎቶ በመብራት ይለያያል» ብሎ በቀላሉ ይመልሰዋል። በተለይ ቀለምን ያስቀደመ አቤቱታ ደካማ ነው፤ የስልክ ስክሪንም የሳሎን አምፖልም ቀለም ይቀይራሉና። መጠን ግን በመብራት አይለወጥም። ማስታወቂያው 6 ካሬ ሜትር ብሎ የመጣው 3.68 ነው፤ ከሲሶ በላይ ጎድሏል። ዘርፉም ወይ አለ፣ ወይ የለም። ደብዳቤው በእነዚህ ሁለቱ ይጀምር፤ የቀለሙ ነገር ቢቀርም ምንም አይጎዳም።

ከመጻፍ በፊት ግን ማስረጃ ይሰብሰብ። በቴሌግራም የግል ውይይት ላይ አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ሻጩም በቻናሉ ላይ የለጠፈውን ማረም ወይም ማንሣት አያቅተውም። ስለዚህ የቻናሉ ስም፣ ቀኑ፣ ፎቶውና ዋጋው አንድ ላይ የሚታዩበት ስክሪንሹት መጀመሪያ ይነሣ፤ የዋጋ ድርድሩም እንዲሁ። ቀጥሎ ምንጣፉን በቀን ብርሃን፣ ማስታወቂያው ላይ በተነሣበት አቅጣጫ፣ ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ፎቶ ማንሣት ነው። ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከነማሸጊያው ይቀመጥ። ገንዘቤን መልሱ እያሉ ሳሎን ውስጥ እየረገጡት መቆየት የራስን አቤቱታ ማፍረስ ነው።

ደብዳቤው ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጥቅምት 8 ቀን በቻናላችሁ 2 በ 3 ሜትር ተብሎ የወጣውን ምንጣፍ በ14,500 ብር ገዝቼ በዚያው ዕለት ተረክቤያለሁ። የክፍያውን ማረጋገጫ አያይዣለሁ። ዕቃው ሲለካ ግን 1.60 በ 2.30 ሜትር ነው፤ በፎቶው የሚታየው ዘርፍም የለውም። የእናንተን ፎቶና እኔ ያነሣሁትን አብሬ ልኬላችኋለሁ። ምንጣፉን አልተጠቀምኩበትም። የከፈልኩት 14,500 ብር እስከ ጥቅምት 15 ቀን በከፈልኩበት የቴሌብር ቁጥር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ዕቃውን በራሳችሁ ወጪ የሚወስድ ሰው መቼ እንደምትልኩ አሳውቁኝ። አመሰግናለሁ።»

ጥያቄው አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። «ወይ ቀይሩልኝ፣ ወይ ቀንሱልኝ፣ ወይ መልሱልኝ» ተብሎ የተጻፈለት ሻጭ ለእርሱ የሚቀለውን ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሺህ ብር ቀንሶ ይሸኛል። ትክክለኛው ምንጣፍ እጁ ላይ ካለ እርሱው ያቅርበው፤ መቀበል አለመቀበል ያኔ የገዢዋ ውሳኔ ነው።

ቀኑ የተጻፈውም ለወግ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከነጋዴ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን አድርጎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። በስልክ ብቻ ከተነጋገሩ መቼና ምን እንደተባለ ማስረዳት ይከብዳል። «ነገ እንነጋገር» እየተባለ ሁለት ሳምንት የሚያልፈውም በስልክ ነው።

ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢል መልሱ አጭር ነው፦ ገዢዋ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ የገዛችው ዕቃ ገና አልደረሳትም። ጥቅምት 15 ያለ መልስ ካለፈ ደብዳቤውን ከነማስረጃው አትማ የሻጩ ሱቅ ወደሚገኝበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ትውሰድ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሻጩ ሱቅና ንግድ ፈቃድ ሲኖረው ነው። ከስልክ ቁጥር በቀር ምንም የማይታወቅ ሻጭ ቁጥሩን ከዘጋ ደብዳቤውን የሚያደርሱለት ቦታ የለም። ስለዚህ የሱቁን አድራሻ ሳትጠይቁና ደረሰኝ እንደሚሰጣችሁ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ሞተረኛው ሲመጣም ዕቃውን ዘርግታችሁና ለክታችሁ ክፈሉ።