አስር አለቃው ከፊት፣ ሃምሳ አለቃው ከኋላ

በእንግሊዝ እግረኛ ጦር አንድ የመቶ ክፍል 30 ያህል ሰው ይይዛል። አዛዡ ብዙ ጊዜ የ44 ሳምንት ሥልጠና ጨርሶ ከሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ የወጣ ወጣት ምክትል መቶ አለቃ ነው። ምክትሉ ግን ከተራ ወታደርነት ተነስቶ ለዓመታት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ ነው። ያም ሆኖ የሚያዘው ወጣቱ ነው።

ምክንያቱ የሥልጣናቸው ምንጭ መለያየቱ ነው። መኮንን የሚሾመው በንጉሡ ስም በሚሰጥ የሹመት ደብዳቤ ሲሆን፣ ክፍሉ ምን እንደሚያደርግ የመወሰን ኃላፊነት የእሱ ነው። ባለሌላ ማዕረግተኛው ደግሞ ከወታደሩ መካከል በሥራው ተመዝኖ ያድጋል፤ ውሳኔውን መሬት ላይ የሚያስፈጽመው እሱ ነው።

ይህ ልዩነት በአንድ ወቅት የሀብት ልዩነትም ነበር። እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ድረስ በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር ብዙዎች የመኮንንነትን ማዕረግ በገንዘብ ይገዙ ነበር። ሽያጩ ቢቀርም ሁለቱ መሰላሎች አልተዋሃዱም፤ ሃምሳ አለቃ በተራው አድጎ መኮንን አይሆንም፣ የመኮንንነት ሹመት ለብቻው ሊሰጠው ይገባል። መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። ዊልያም ሮበርትሰን በ1877 እ.ኤ.አ. ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጥሮ፣ በ1888 መኮንንነት ተሹሞ፣ በ1920 ፊልድ ማርሻል ሆኗል።

በባለሌላ ማዕረግተኞቹ መካከል ያለው የሥራ ክፍፍል በተኩስ ልውውጥ ወቅት ጎልቶ ይታያል። የመቶ ክፍሉ ሦስት ጓዶች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱ ስምንት ሰው ይዞ በአንድ አስር አለቃ ይመራል። የፊተኛው ጓድ ተኩስ ሲከፈትበት አስር አለቃው ጠላት የት እንዳለ ይለያል፤ አቅጣጫውን፣ ርቀቱንና ዒላማውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሰዎቹን ለአራት አራት ከፍሎ አንዱ ቡድን ሲተኩስ ሌላው እንዲጠጋ ያደርጋል። ዓይኑ ከስምንቱ ሰዎችና ከፊታቸው ካለው ጠላት አይርቅም።

ሃምሳ አለቃው ሦስቱንም ጓዶች ይከታተላል። የየትኛው ጥይት እየተመናመነ እንደሆነ ጠይቆ ያዳርሳል፣ ቁስለኞችን ወደ ኋላ ያስወጣል፣ ምርኮኞችን ይረከባል። ከውጊያ ውጭም ሥነ ሥርዓትን ይጠብቃል፣ አስር አለቆቹን ያሠለጥናል፣ ወጣቱን መኮንን ያማክራል።

አዲስ ሃምሳ አለቃ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የለመደው ጓድ ሲመራ ስለኖረ፣ ተኩሱ ሲበረታ ወደ አንዱ ጓድ ሮጦ እሱ ራሱ ማዘዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ የዚያ ጓድ ወታደሮች ከሁለት አፍ ትእዛዝ ይሰማሉ፤ በሌላው ጓድ ጥይት ያልቃል፤ ቁስለኛው የሚያነሳው ያጣል። መኮንኑ ቢመታ ደግሞ የመቶ ክፍሉን ተረክቦ መምራት ያለበት ይኸው ሃምሳ አለቃ ነው፤ የሌሎቹን ሁለት ጓዶች ሁኔታ ካላወቀ ትእዛዙን ከምን እንደሚጀምር አያውቅም።